ሳይቆጠር የተፈረመ መሳቢያ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በአካውንቲንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ከገባሁ አንድ ሳምንቴ ነው፤ ደመወዜ 9,000 ብር። ሰኞ ዕለት አለቃዬ ለጥቃቅን ወጪ የሚያዘውን የፔቲ ካሽ ሣጥን ቁልፍ ሰጠኝና ‹20,000 ብር ተረክቤአለሁ ብለሽ ፈርሚ› አለኝ። ልቁጠር ስለው ‹ሌባ ነው ያልሽኝ?› ብሎ ጮኸብኝ፤ ፈረምኩ። ማታ ስቆጥር ጥሬው 11,350 ብር፣ ደረሰኙ 5,200 ብር ሆነ። ‹ሰስፔንስ 3,000› የሚል ፊርማ የሌለው ቁራጭ ወረቀትም አለ። ከዚያ ወዲህ ከሣጥኑ ምንም አልከፈልኩም። ማክሰኞ በሰው ፊት ‹ዲግሪውን የት ነው የሚያድሉት?› አለኝ። ረቡዕ እኔ ሳልቀጠር የተዘጋውን ወር የባንክ ሂሳብ ሰጠኝ፤ 27,000 ብር አልገጥም ብሎኝ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አስቆየኝ። ሐሙስ የሒሳብ ፕሮግራሙን፣ የፒችትሪን፣ ፓስወርዴን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ዓርብ ደግሞ ‹ጉድለቱ ከደመወዝሽ ይቆረጣል፤ የሙከራ ጊዜ ላይ መሆንሽን አትርሺ፤ ካኮረፍሽ የሥራ ልምድም አታገኚም› አለኝ። እናቴ ቻይው ትለኛለች። እኔ ሰኞ ባልመለስ ደስ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

የኔ እህት፣ ሰኞ ተመለሺ። ልትቀሪም ልትለቂም ትችያለሽ፣ እሱን በኋላ እናየዋለን። ብቻ የ20,000 ብር ፊርማሽ እዚያ ተቀምጦ አንቺ የቀረሽ እንደሆነ፣ ማክሰኞ በዚያ ቢሮ የሚወራው የአለቃሽ ጩኸት አይሆንም። «ልጅቷ ሣጥኑን አጉድላ ጠፋች» ነው የሚባለው። ስድቡ ያማል፣ አውቃለሁ። ከድርጅቱ ወጥቶ የሚከተልሽ ግን ፊርማሽ ነው። ስለዚህ ከስድቡ በፊት ፊርማውን እናስተካክል።

በትምህርት ቤት የተማርሽው የፔቲ ካሽ ሕግ አንድ መስመር ነው፤ በሣጥኑ ያለው ጥሬ ገንዘብና ገንዘቡ ገና ያልተተካው ደረሰኝ ሲደመሩ ሁልጊዜ ከተመደበው ገንዘብ ጋር እኩል መሆን አለባቸው። ያንቺ 11,350 እና 5,200 ሲደመር 16,550 ይሆናል። ከ20,000 የጎደለው 3,450 ነው። ከዚህ ውስጥ 3,000ው ያ ቁራጭ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ የተቀረው 450 ብር ግን ምንም ወረቀት የለውም። ሁለቱን አንድ ላይ «ጉድለት» ብለሽ አትጥሪያቸው፤ መንገዳቸው ይለያያል። ሰስፔንስ የወሰደው ሰው እስኪያወራርደው ድረስ በስሙና በፊርማው የሚያዝ ዕዳ ነው። ፊርማ ከሌለው ግን ኦዲተር ፊት ብጣሽ ወረቀት ነው። ገንዘብም አይባል፣ ደረሰኝም አይባል። አንድ ሰው ወጥቶ «የወሰድኩት እኔ ነኝ» ብሎ ከፈረመበት 3,000ው ካንቺ ላይ ይወርዳል። 450ው ደግሞ የጠፋ ደረሰኝ ወይም በመልስ የተሳሳተ ሂሳብ ሊሆን ይችላል፤ ያለፈው ወር መተኪያ ጥያቄ ላይ የተያያዙትን ደረሰኞች ደምረሽ ብታዪ አንዳንዴ እዚያ ይገኛል።

ከሰኞ ወዲህ ከሣጥኑ አለመክፈልሽ ትልቅ ነገር ነው። ብትከፍዪ ኖሮ የሰኞውንና የዛሬውን መለየት ራስ ምታት በሆነ ነበር። አሁን ግን ያኔ የቆጠርሽው ዛሬም እዚያው አለ ማለት ነው፤ መለዋወጫ ቁልፍ ሌላ ሰው እጅ ከሌለ። ይህን ጠይቂ፤ ካለም ማን ጋር እንዳለ ጻፊ።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ብቻሽን አትክፈቺ። ካሸር ካላችሁ እሷን፣ አለዚያም ማንንም የሥራ ባልደረባ ጠርተሽ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከዚያ ብሩን በየዓይነቱ ጻፊ። ለምሳሌ ባለ 200 ብር 41 ቢሆን 8,200፤ ባለ 100 ብር 25 ቢሆን 2,500፤ ባለ 50 ብር 11 ቢሆን 550፤ ባለ 10 ብር 8 ቢሆን 80፤ ባለ 5 ብር 4 ቢሆን 20፤ ድምሩ 11,350። ድምሩን ብቻ የያዘ ወረቀት ነገ «ተሳስተሽ ቆጥረሽ ነው» ሊባል ይችላል፤ በዓይነት የተዘረዘረን ቆጠራ እንዲህ ማለት ይከብዳል። ከሥሩ ደረሰኞቹን በቁጥርና በቀን ዘርዝሪ፣ ቁራጩን ወረቀት ደግሞ ለብቻው «ፊርማ የሌለው» ብለሽ ጥቀሺው። ሁለታችሁም ፈርሙ።

ከዚያ ለአለቃሽ አጭር ማስታወሻ ጻፊ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ባለፈው ሰኞ የ20,000 ብር ፔቲ ካሽ ስረከብ ቆጠራ አልተካሄደም። በዚያው ዕለት ማምሻውን ስቆጥር 11,350 ብር ጥሬ ገንዘብ፣ የ5,200 ብር ደረሰኝ እና 3,000 ብር የተጻፈበት ፊርማ የሌለው ወረቀት አግኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሣጥኑ ክፍያ አልፈጸምኩም። ዛሬ የተደረገው ቆጠራ ተያይዟል። በጋራ ቆጥረን እንድንፈራረምና ሰስፔንሱን የወሰደው ሰው እንዲፈርምበት እጠይቃለሁ።»

«አስገድደውኛል»፣ «ሰድበውኛል» የሚል ነገር እዚህ ውስጥ አታስገቢ፤ ያ የሌላ ወረቀት ጉዳይ ነው፣ ሁለቱን ስትቀላቅያቸው ገንዘቡ ይረሳና ጠቡ ይወራል። ቀኑንም ወደ ኋላ አትመልሺው። የሚጻፈው የምትጽፊበት ዕለት ነው። ሳምንት ዘግይቶ የተጻፈ እውነተኛ ማስታወሻ፣ ያለፈው ሰኞ ቀን ተለጥፎበት ከተገኘ ሐሰተኛ ማስታወሻ እጅግ ይሻላል፤ ቀን የሚያስተካክል ሒሳብ ሠራተኛ ሌላም ነገር ያስተካክላል ተብሎ ነው የሚገመተው። በሁለት ቅጂ አትሚና አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲፈርም ስጪው። እምቢ ካለ ለጸሐፊዋ ወይም ለመዝገብ ቤት አስገቢና ቅጂሽ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስደርጊ። አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለሰው ኃይል ክፍል ወይም ለሥራ አስኪያጁ ይሂድ።

«ሌባ ነው ያልሽኝ?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ጥያቄ መልስ እንዲሰጠው የተጠየቀ አይደለም፤ ቆጠራውን ለማስቀረት ነው። ስለዚህ ስለ ሌብነት አትከራከሪ። «የለም፣ ኦዲተር ሲመጣ እርስዎንም እኔንም የሚያድን ወረቀት ነው» በይና ዝም በይ። ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፣ ግን ወረቀቱንም አትመልሺው።

እዚያው ላይ አንድ ነገር ጨምሪ። አንቺ በፒችትሪ መዝጋቢ ከሆንሽ መጀመሪያውንም የሣጥኑ ቁልፍ አንቺ ጋር መሆን አልነበረበትም። ገንዘቡን የያዘና ሒሳቡን የሚመዘግብ ሰው አንድ ከሆነ ጉድለትን በመዝገብ መሸፈን ስለሚቀል፣ ሁለቱን መለየት የውስጥ ቁጥጥር የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ትንንሽ ድርጅቶች ሰው ስለሚያንሳቸው ያደባልቁታል፤ እናንተ ካሸር ካላችሁ ግን ሰበብ የለም። ስለዚህ «ቆጥረን ለካሸሯ እንድመልስ ይፈቀድልኝ» ብለሽ ጠይቂ። አለቃሽ ላይ ጣት የማይቀስር፣ ግን ከነገሩ የሚያወጣሽ ጥያቄ ነው። ደግሞ ስትቀጠሪ ዋስ አስይዘሽ ከሆነ ውሉን አውጥተሽ አንብቢው፤ የገንዘብ ጉድለትን የሚጨምር ከሆነ ዕዳው ዋስ የሆነልሽ ሰው ቤት ድረስ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ወደ 27,000 ብሩ። ይህን የማነሳው አለቃሽን ለማስደሰት አይደለም፤ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያስቆየሽ ነገር በሃያ ደቂቃ ሊገኝ ይችል ስለነበር ነው። ልዩነቱ ለ9 ሲካፈል ያለ ቀሪ 3,000 ይሰጣል። ለ9 እኩል የሚካፈል ልዩነት ብዙ ጊዜ ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው መጻፋቸውን ይጠቁማል። ልዩነቱ 27,000 ከሆነ የተለዋወጡት የአሥር ሺውና የሺው ቤት አኃዞች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም 3 ነው። ስለዚህ ባንኩ የከፈለው 63,400 ሆኖ እናንተ መዝገብ ላይ 36,400 ተብሎ እንደሆን ፈልጊ። 52 እና 25፣ 74 እና 47፣ 85 እና 58፣ 96 እና 69፣ 41 እና 14 የሚጀምሩ አምስት አኃዝ ያላቸውን ቼኮች ብቻ አውጥተሽ ከስቴትመንቱ ጋር አመሳክሪ። ሌላም አለ፤ 30,000 ብር በስህተት 3,000 ተብሎ ቢመዘገብ ልዩነቱ ያው 27,000 ነው፤ ዜሮ መርሳት በጣም የተለመደ ነው። ከዚህም ካልተገኘ ለሁለት ከፍለሽ 13,500 የሚል ቁጥር ፈልጊ፤ ገቢ መሆን ያለበት ወጪ ሆኖ ሲገባ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል።

ይሄ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ለ9 የሚካፈል ቁጥር በአጋጣሚም ይወጣል። ሁለት ሦስት ስህተቶች ተደራርበው ከሆነ ደግሞ ምንም አይረዳሽም። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው ከሁሉ በፊት ከተሰጠው ወር ቀድሞ ያለውን ወር የባንክ ማስታረቂያ የሚጠይቀው። ተፈርሞ የተዘጋ ካለ ስህተቱ በተሰጠሽ ወር ውስጥ ነው። ከሌለ ወይም «ልዩነት» የምትል መስመር ገብታበት ካለፈች፣ ያለሽበት ጉድጓድ ከዚያ ወር በፊት የተቆፈረ ነው። አለቃሽን «የቀደመው ወር የተፈረመ ማስታረቂያ አለ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂው። ያልሠራሽበትን ወር መፈተሽ ሥራሽ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ወር ስህተት መወቀስ ግን አይደለም። የማስታረቂያው «ያዘጋጀው» የሚል ቦታ ላይ ስትፈርሚም ልዩነቱን በግልጽ ጻፊው፤ «27,000 ብር፣ ያልተገኘ፣ በመጣራት ላይ» ብለሽ። እንዲገጥምልሽ ብለሽ አንዱ ሂሳብ ውስጥ ሸጉጠሽ አትዝጊው፤ ስህተቱ የሌላ ሰው ሆኖ ሽፋኑ ያንቺ ይሆናል።

ፓስወርዱን ሰኞ ሳጥኑን ከመክፈትሽም በፊት ቀይሪው። ከሳምንቱ ነገር ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ፒችትሪ ውስጥ በስምሽ የሚገባ ምዝገባ ሁሉ ያንቺ ነው፤ አንቺ ቤትሽ ተኝተሽም ቢሆን። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስገባና እንዳረመ የሚያሳይ Audit Trail የሚባል ሪፖርት አላቸው። የማየት ፈቃድ ካለሽ ከሐሙስ ወዲህ በስምሽ የገባውን አውጥተሽ ያንቺ ያልሆነውን ለይተሽ ምልክት አድርጊበት። ከሌለሽ ለሲስተሙ ኃላፊ «ከሐሙስ ጀምሮ በእኔ ስም የገቡት ምዝገባዎች ዝርዝር ይሰጠኝ» ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ። አለቃሽ እንደገና ከጠየቀሽ «ስቀር የሚሠራ ሰው ካስፈለገ በራሱ ስም መግቢያ ይከፈትለት» ማለት ይበቃል። ኃላፊ ስለሆነ ያለ ፓስወርድሽ ሊሠራ የማይችለው ነገር ሊኖረው አይገባም። ካለው፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለበት።

ዓርብ ስለተባልሽው ደግሞ ሕጉ ምን እንደሚል ልንገርሽ፤ የሚያስፈራራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን ግማሹን ነው የሚያውቀው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሙከራ የሚፈቅደው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ልትሰናበቺ ትችያለሽ፤ ይህ እውነት ነው፣ አላባብልሽም። አንቺም በተመሳሳይ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ። ማለትም በሩ ለሁለታችሁም እኩል ክፍት ነው።

ከደመወዝ መቁረጥ ግን እንዲህ በአለቃ ቃል የሚሆን አይደለም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የራስሽ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝሽ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም፤ ባንቺ 9,000 ብር ሲሰላ 3,000 ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። «ጉድለቱን ለመክፈል ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ከመጣ አትፈርሚ፤ ሰኞ የፈረምሽው አንድ ፊርማ ይበቃል። ከሰው ኃይል ክፍል ደግሞ የሥራ ደንቡን ጠይቀሽ ስለ ገንዘብ ጉድለት የሚለውን አንብቢ፤ አንዳንድ ድርጅት እዚያ ውስጥ ጽፎት ይገኛል፣ ያኔ ክርክርሽ የርክክቡ ቆጠራ ላይ ይሆናል። የሥራ ልምድ ወረቀትንም ቢሆን አለቃሽ እንደ ስጦታ የሚሰጥና የሚነፍግ አይደለም። አዋጁ አሠሪውን ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ጠባይሽ የሚጻፍበት ቦታ እዚያ የለም። ለነገሩ የአንድ ሳምንት ልምድ ይዞ የሚሄድ ሰው አላየሁም፤ ማስፈራሪያው ባዶ ነው።

ስለ ጩኸቱ ደግሞ እናትሽ ፍጹም የተሳሳቱ አይመስለኝም። በእኛ ሙያ ኃይለኛ አለቃ ብዙ ነው፤ ወር መዝጊያ ላይ መላእክትም ይጮኻሉ። ኃይለኛው ሰው ግን የሚጮኸው በቁጥሩ ላይ ነው፤ «ይቺን ቼክ ለምን ሁለቴ መዘገብሻት?» ይልና ቦታውን ያሳይሻል፣ በሚቀጥለው ወር አትደግሚውም። የናንተው ሰው የጮኸው በዲግሪሽ ላይ ነው፣ የት ጋር እንደተሳሳትሽም አላሳየሽም፣ እንዳትቆጥሪም ከልክሎሻል። ይህ ሌላ ነው። ያውም ሕጉ አሠሪ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል። ለዚህ የተለየ ደብተር ይኑርሽ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተባለው ቃል እንደወረደ፣ ማን እንደሰማ። አስተያየትሽን አትጻፊበት። ደብተሩ ቤትሽ ይቀመጥ። የድርጅቱን ቫውቸርና ስቴትመንት ግን ፎቶ እያነሳሽ ወደ ቤት አትውሰጂ፤ የማስታወሻሽ ቅጂ የራስሽ ነው፣ የድርጅቱ ሰነድ ግን አይደለም፣ ኋላ «ሰነድ አወጣች» ለመባል በር ይከፍታል።

ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ ውሳኔሽ ማስታወሻው ከገባ በኋላ በሚሆነው ላይ ይደገፍ። እያጉረመረመም ቢሆን ከቆጠረና ከፈረመ፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ቁልፉ ለካሸሯ ይመለስ ካለ፣ 60ውን ቀን ብትጨርሺው አልከፋም፤ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የምትማሪው የጉምሩክ ሰነድና የዕቃ ዋጋ ስሌት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ቆጠራውን ከከለከለ፣ ለ3,000ው ደረሰኝ «ፈልጊለት» ካለሽ፣ ወይም ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰ ቫውቸር ላይ ፈርሚ ካለሽ ግን አትጠብቂ። ያልተደረገ ግዢ ደረሰኝ ውስጥ እጅሽን ካስገባሽ ጉዳዩ ከአለቃሽ ጋር መሆኑ ያበቃል፤ ከታክስ ሕግ ጋር ነው የሚሆነው፣ እዚያ ደግሞ «ታዝዤ ነው» የሚለው ብዙ አያድንም።

ስትለቂ በስልክ ወይም በመቅረት እንዳይሆን። የሥራ መልቀቂያሽን በሁለት ቅጂ አስገቢ፣ ሣጥኑን በቆጠራ አስረክቢ፣ የተረከበሽ ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም፣ ከዚያ ክሊራንስ ውሰጂ። ክሊራንሱ ላይ የፋይናንስ ክፍል መስመር ባዶ ሆኖ ከቀረ አለቃሽ እምቢ ብሏል ማለት ነው፤ ያኔ የሰኞውን ማስታወሻ ገቢ ቁጥር ጠቅሰሽ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አቅርቢ። እሱም ካልመለሰ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተውን ሰው አነጋግሪ፤ ይዘሽ የምትሄጂው የቅጥር ውልሽን፣ የቆጠራውን ወረቀትና የማስታወሻሽን ቅጂ ነው። የቅጥር ውል በጽሑፍ ካልሰጡሽ ደግሞ አሠሪው ስምምነቱ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ እንዲሰጥሽ ግዴታ አለበት፤ አሁን አንድ ሳምንትሽ ስለሆነ፣ ሰኞ ከቁልፉ ጋር እሱንም ጠይቂ።